ጌሙን ሳይነኩ መለወጥ፦ የመጀመሪያውን ሞድ በጥንቃቄ ለመጫን

በስካይሪም ጌም ውስጥ ገጸ ባሕርይዎ የተሸከመውን ዕቃ ለማየት ሲከፍቱ የሚመጣልዎ ስሞች ብቻ የተደረደሩበት አንድ ረጅም ዝርዝር ነው። የአንድን ሰይፍ ክብደትና ዋጋ ለማወቅ ስሙ ላይ መቆም አለብዎ። ሁለት ሰይፎችን ለማነጻጸር ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ቁጥሩን በቃል መያዝ ግድ ይላል። ይህ አሠራር ከቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ በጆይስቲክ ለሚጫወት ሰው የታሰበ ነውና ኪቦርድና ማውዝ ይዞ ኮምፒውተር ላይ ለሚጫወት አይመችም። ጌሙ በፈረንጆቹ 2011 ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ተጫዋቾች ይህን ዝርዝር ከነጭራሹ ለወጡት። የሠሩት ሞድ ስካይዩአይ ይባላል፤ ክብደቱን፣ ዋጋውንና ጉዳት የማድረስ አቅሙን ከእያንዳንዱ ዕቃ ስም አጠገብ በዓምድ በዓምድ ይደረድራል፤ በስም መፈለጊያም አለው።

ሞድ ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ የጌሙ ባለቤት ያልሆኑ ሰዎች ሠርተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ የሚያካፍሉት ለውጥ። ስካይዩአይን ለመጀመሪያ ሞድነት የመረጥኩት ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ መሥራት አለመሥራቱንም በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል።

ብቻን የሚጫወቱት የገጸ ባሕርይ ጌም ሲበላሽ የሚጎዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጌሙ ፋይሎች ናቸው፤ እነዚህ ቢበላሹ እንደገና ማውረድ ይቻላል። ሁለተኛው ሴቭ ነው፤ ማለትም ገጸ ባሕርይዎን ለወራት ያሳደጉበት መዝገብ። ይህ ከጠፋ የትም አይወርድም። የሞድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የመጀመሪያውን በሚገባ ይጠብቅልዎታል። ሁለተኛውን ግን የሚጠብቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ማስተዳደሪያው ምን ይሠራል?

የስካይሪም ይዘት ያለው Data በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ያለ ማስተዳደሪያ ሞድ የሚጭን ሰው የሞዱን ፋይሎች በእጁ ገልብጦ እዚያ ውስጥ ይጨምራል። አንድ ሞድ ቢሆን ችግር የለውም። አምስት ስድስት ሲሆኑ ግን የትኛው ፋይል ከየትኛው ሞድ እንደመጣ መለየት ያቅታል። ከሁሉም የከፋው አዲሱ ፋይል በነባሩ ላይ ሲጻፍ ነው፤ ነባሩ በዚያው ይጠፋል።

ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል። እያንዳንዱን ሞድ በራሱ ፎልደር ለብቻው ያስቀምጣል፤ Data ውስጥ ምንም አይጨምርም። ጌሙን በእሱ በኩል ሲያስነሱት፣ እነዚያ የተበታተኑ ፋይሎች Data ውስጥ ያሉ መስለው ለጌሙ እንዲታዩት ያደርጋል። ጌሙ ሲዘጋ ያ ምስል ይጠፋል። በካርታ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ አንጥፎ መንገድ እንደማስመር ነው፤ ፕላስቲኩ ሲነሳ ካርታው እንደነበረ ይገኛል።

ቮርቴክስ የተባለው ሌላው ታዋቂ ማስተዳደሪያ በመጠኑ ይለያል። ሞዶቹን ሌላ ቦታ አስቀምጦ Data ውስጥ ማገናኛ ይፈጥራል፤ ሲታዘዝም መልሶ ያነሳዋል። እሱም አስተማማኝ ነው። እዚህ ግን ሞድ ኦርጋናይዘርን ይዘን እንሄዳለን፤ ምን እየተደረገ እንዳለ ለጀማሪ ግልጽ አድርጎ ያሳያልና።

ከመጫን በፊት

መጀመሪያ ጌሙ የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። ስቲም በራሱ ፈቃድ የሚመርጠው ቦታ Program Files (x86) ውስጥ ነው። ይህን ፎልደር ዊንዶውስ በልዩ ጥበቃ ስለሚይዘው፣ የሞድ መሣሪያዎች ፋይል ለመጻፍ ሲሞክሩ ሊከለክላቸው ይችላል። ስለዚህ በስቲም ማስተካከያ ውስጥ ሌላ የጌም ማስቀመጫ፣ ለምሳሌ D:\SteamLibrary ላይ ይክፈቱና ስካይሪምን ወደዚያ ያዛውሩት። ስቲም ራሱ ያዛውረዋል፤ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። የፎልደሮቹን ስም በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ በሞድ ዙሪያ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች መካከል በሌላ ፊደል የተጻፈ አድራሻን በትክክል የማያነቡ አሉ።

ቀጥሎ ጌሙን ያለ ምንም ሞድ ከስቲም አስነስተው ዋናው ማውጫ ድረስ ይግቡና ይውጡ። ጌሙ የማስተካከያ ፋይሎቹን የሚፈጥረው በዚህ ጊዜ ነው። ንጹሑ ጌም በትክክል መሥራቱንም በዚያው ያውቃሉ፤ ኋላ ችግር ቢመጣ ከሞዱ ነው ወይስ ከጌሙ የሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረዋል።

ሦስተኛው የጌሙን ትክክለኛ ቁጥር ማወቅ ነው። በጌሙ ፎልደር ውስጥ SkyrimSE.exe የሚለው ላይ በቀኝ ክሊክ Properties ከዚያም Details ሲከፍቱ የፋይሉ ቁጥር ይታያል፤ 1.6.1170 ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ይጻፉት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያስፈልጋል። በዚያው በስቲም ውስጥ ጌሙ ከስቲም ሲነሳ ብቻ እንዲታደስ አድርገው ያስተካክሉ። አለዚያ አንድ ቀን ሌሊት ጌሙ በራሱ ይታደስና ትናንት ሲሠራ የነበረው ሞድ ዛሬ አልነሳ ይላል።

አራተኛው ሴቭ ነው። ነባር ጨዋታ ካለዎት Documents ውስጥ My Games ከዚያም Skyrim Special Edition ሲከፍቱ Saves የሚል ፎልደር ያገኛሉ። ሙሉውን ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱት። ፈጣን ሴቭና ጌሙ በራሱ የሚይዘው ሴቭ በየጊዜው አንዱ በሌላው ላይ ስለሚጻፍ አይታመኑም፤ ከማውጫው ገብተው በእጅዎ አንድ አዲስ ሴቭ ይያዙና እሱም በቅጂው ውስጥ ይግባ።

ከየት ይወርዳል?

ለስካይሪም ሞዶች ትልቁ ማከማቻ ኔክሰስ ሞድስ ነው። አካውንት መክፈት ነጻ ነው፤ ክፍያ ለማይከፍሉ የማውረጃው ፍጥነት ይገደባል እንጂ ፋይሉ አይከለከልም። ሞድ ኦርጋናይዘርንም ስካይዩአይንም እዚያ ያገኛሉ። በፍለጋ የሚመጡ፣ የሌላ ሰው ሥራ ቀድተው የሚያድሉ ገጾችን ይለፏቸው።

ሞዶች በአደገኛነታቸው እኩል አይደሉም። ሥዕል ወይም ድምፅ ብቻ የሚቀይር ሞድ ኮምፒውተርዎን የሚጎዳበት መንገድ ጠባብ ነው። ስካይዩአይም ሁለት ዋና ፋይሎች ብቻ ነው ያሉት፤ ትእዛዞቹ የሚሠሩት በጌሙ ውስጥ ነው። በ.exe ወይም በ.dll የሚያልቅ ፋይል ግን ሙሉ ፕሮግራም ነው፤ እርስዎ በኮምፒውተሩ ላይ ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ እሱም ማድረግ ይችላል። ሥጋቱ የሐሳብ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 ስሌይ ዘ ስፓየር ለተባለው ጌም የተሠራው ዳውንፎል የተሰኘ የታወቀ ሞድ ተጠልፎ፣ በስቲም በኩል በመጣ ማደሻ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተሠራጭቶበታል። ስለዚህ .exe ወይም .dll ያለበትን ነገር የሚያወርዱት ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞ አስተያየት ከሰጠበት ቦታ ብቻ ይሁን።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

የስካይዩአይን ገጽ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያነቡት ሞዱ የሚፈልጋቸውን ነገሮች ዝርዝር ነው። ብዙ ጀማሪ ይህን ዘሎ ወደ ማውረጃው ይሄዳል፤ ከዚያ ሞዱ አልሠራ ሲል ግራ ይጋባል። ዝርዝሩ ላይ SKSE64 የሚል ያገኛሉ። ይህ ጌሙ ብቻውን የማያውቃቸውን ትእዛዞች የሚጨምርለት ረዳት ፕሮግራም ነው፤ ስካይዩአይ ያለ እሱ አይሠራም።

SKSE64 ከጌሙ ቁጥር ጋር ልክ መግጠም አለበት። ጌምዎ 1.6.1170 ከሆነ የሚገጥመው 2.2.6 ነው። የቆየው 1.5.97 ከሆነ 2.0.20 ያስፈልገዋል። ጌሙን የገዙት ከጂኦጂ ከሆነም የተለየ ቅጂ አለው። ያወረዱትን ሲፈቱ skse64_loader.exe የሚልና በስሙ ውስጥ የጌሙን ቁጥር የያዘ .dll ያገኛሉ። ሁለቱን ከSkyrimSE.exe አጠገብ ያስቀምጧቸው፤ Data ውስጥ አይደለም። በጌሙ ፎልደር ውስጥ በእጅዎ የሚጨምሩት እነዚህን ሁለት ፋይሎች ብቻ ነው።

አሁን ሞድ ኦርጋናይዘርን በራሱ ፎልደር፣ ለምሳሌ D:\MO2 ላይ ይጫኑት፤ በጌሙ ፎልደር ውስጥ ግን አይሁን። መጀመሪያ ሲከፈት የትኛውን ጌም እንደሚያስተዳድር ይጠይቅዎታል፤ ስካይሪምን ያሳዩትና ከኔክሰስ አካውንትዎ ጋር ያገናኙት። መስኮቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ የጫኗቸው ሞዶች ይደረደራሉ። በቀኝ በኩል Plugins በሚለው ሥር ጌሙ ሲነሳ የሚያነባቸው ፋይሎች፣ Downloads በሚለው ሥር ደግሞ ያወረዷቸው ይታያሉ።

ከSKSE64 የቀረው ክፍል እንደ ማንኛውም ሞድ በማስተዳደሪያው ይጫናል። ያወረዱትን ፋይል ለማስተዳደሪያው ሲሰጡት ውስጡን ዘርዝሮ ያሳይዎታል። እዚያ ውስጥ ካለው Data ላይ በቀኝ ክሊክ አድርገው የጌሙ Data ይህ መሆኑን ይንገሩትና ያጽድቁ። በግራው ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት።

እዚህ ላይ ይቁሙና ይሞክሩት። በላይኛው ቀኝ በኩል ካለው ማውጫ SKSE የሚለውን መርጠው Run ይጫኑ። ከሌለ በዚያው ማውጫ ካለው ማስተካከያ skse64_loader.exe የሚለውን ያሳዩት። ጌሙ ዋናው ማውጫ ላይ ሲደርስ ከEsc በታች ያለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የትእዛዝ መጻፊያ ይከፈታል። ይህን ይጻፉ፦

```
GetSKSEVersion
```

ቁጥር ከመለሰልዎ መሠረቱ ጸንቷል። ትእዛዙን አላውቀውም ካለ ስካይዩአይን ለመጫን አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይህ ይስተካከል። ሁለቱን አንድ ላይ ጭነው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ ጌሙን ዘግተው በስካይዩአይ ገጽ ላይ በማስተዳደሪያ ለማውረድ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ፋይሉ Downloads ውስጥ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲያደርጉት ስሙን ያረጋግጥና ይጭናል። በግራ ምልክት ያድርጉበት፤ በቀኝ ደግሞ SkyUI_SE.esp የሚለው ምልክት እንዳለው ይዩ። የግራው ምልክት ፋይሎቹ ለጌሙ እንዲታዩ ያደርጋል፤ የቀኙ ጌሙ እንዲያነባቸው ያዛል። አንዱ ብቻ ከሆነ ሞዱ አይሠራም።

መሥራቱን ማረጋገጥ

የስካይሪም መግቢያ ረጅም ነው፤ በእስረኛ ጋሪ ተጭነው ሲሄዱ ይጀምራል፤ በዚያ ጊዜ ዕቃ ማየት አይቻልም። ለሙከራ ግን አቋራጭ አለ። ከዋናው ማውጫ ላይ እንደገና መጻፊያውን ከፍተው የመጀመሪያውን መስመር ይጻፉ፤ ሪቨርዉድ በምትባለው መንደር ውስጥ ቆመው ራስዎን ሲያገኙ ሁለተኛውን ያስከትሉ፦

```
coc riverwood
player.additem 12eb7 1
```

ሁለተኛው ትእዛዝ አንድ የብረት ሰይፍ ይሰጥዎታል። መጻፊያውን ዘግተው ዕቃዎን ይክፈቱ። ከሰይፉ ስም ጋር በአንድ መስመር ላይ ክብደቱ 9፣ ዋጋው 25 ተብሎ ከታየ፣ ከላይም የዓምዶቹ ርዕስ ካለ ስካይዩአይ ሠርቷል። ካዩ በኋላ ሳይሴቩ ይውጡ። በዚህ አቋራጭ የገባ ገጸ ባሕርይ የታሪኩን መነሻ ዘሎ ስለመጣ ዋናው ታሪክ በአግባቡ አይሄድለትም፤ ለሙከራ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ጌሙን ዘግተው የጌሙን Data ፎልደር ይክፈቱና SkyUI_SE.esp የሚለውን ይፈልጉ። የለም። ከደቂቃ በፊት ጌሙ ሲያነበው የነበረው ፋይል እዚያ ተቀምጦ አያውቅም። ማስተዳደሪያው የጌሙን ፋይሎች ይጠብቃል ማለት ይህ ነው።

ሳይሠራ ሲቀር

እዚህ ላይ ከሚያጋጥሙ ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ጌሙ ከተነሳበት በር ነው፤ የሚታየው ምልክት ደግሞ በየትኛው በር እንደገቡ ይናገራል። ከስቲም በቀጥታ ካስነሱት ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ የድሮው ዝርዝር እንደነበረ ይጠብቅዎታል፤ ምክንያቱም የሞዱ ፋይሎች የሚታዩት ከማስተዳደሪያው ለተነሳ ፕሮግራም ብቻ ነው። skse64_loader.exe ራሱን ከፎልደሩ ውስጥ ክሊክ አድርገው ካስነሱት GetSKSEVersion ቁጥር ሊመልስ ይችላል፤ ስካይዩአይ ግን የለም። ከማስተዳደሪያው አስነስተው በማውጫው ላይ ከSKSE ይልቅ ስካይሪምን ከመረጡ ደግሞ ስካይዩአይ ራሱ የስህተት ቁጥር 1 የሚል መልእክት አውጥቶ SKSE64 እየሠራ እንዳልሆነ ይነግርዎታል። ለሦስቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ከማስተዳደሪያው፣ SKSE ተመርጦ፣ Run።

ጌሙ ጭራሽ ሳይነሳ የስካይሪም ቁጥር SKSE64 ከሚያውቀው አዲስ ነው የሚል መልእክት ከመጣ ጌሙ ታድሷል ማለት ነው። ሞዶቹን ማጥፋትም ሆነ እንደገና መጫን አይጠቅምም። ከአዲሱ ቁጥር ጋር የሚገጥም SKSE64 ካለ ሁለቱን ፋይሎች ይተኩ፤ ከሌለ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ኋላ ሌሎች ሞዶች ጨምረው ጌሙ ዋናው ማውጫ ሳይደርስ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ Plugins ውስጥ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካለ ይዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሞድ የሚደገፍበት ሌላ ፋይል ሳይጫን ቀርቶ ነው።

ማስተዳደሪያው የማይጠብቀው

ስካይዩአይን ለማንሳት የግራውን ምልክት ማጥፋት ይበቃል። ለጌሙ ፋይሎች ይህ እውነት ነው። ሴቭ ግን ሌላ ነው። ስካይዩአይን ጨምሮ ብዙ ሞዶች በጨዋታው ውስጥ እየሮጡ የሚሠሩ ትእዛዞች አሏቸው፤ ሴቭ ሲይዙ እነዚያ ትእዛዞች የደረሱበት ሁኔታ ከሴቩ ጋር አብሮ ይጻፋል። ሞዱን ቢያነሱት በሴቩ ውስጥ የተጻፈው አብሮ አይነሳም። ባለቤት የሌለው ትእዛዝ እዚያው ይቀራል፤ በዚያኑ ቀን ምንም ሳይታይ ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ጌሙ መዘጋት ሊጀምር ይችላል። የጎደለ ነገር ያለበትን ሴቭ ሲከፍቱ ጌሙ ሴቩ በሌለ ይዘት ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው አዎን ብሎ ያልፋል፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ሞድን መሃል ላይ መጨመር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ መሃል ላይ ማንሳት ግን መልመድ የለበትም። አንድ ሞድ ካልተስማማዎት ምልክቱን አጥፍተው ሞዱ ከመግባቱ በፊት የያዙትን ሴቭ ይክፈቱ። ቅጂው የተያዘው ለዚህ ነበር። SKSE64 ሲሠራ ለእያንዳንዱ ሴቭ .ess ከሚለው ፋይል ጎን በተመሳሳይ ስም .skse የሚል ሌላ ፋይል ይፈጥራል። ሲቀዱም ሲመልሱም ሁለቱ አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ከቀረ ሞዶች እዚያ ያስቀመጡት መረጃ ይጠፋል።

ሞድ ኦርጋናይዘር ለዚህ የሚረዳ አንድ ነገር አለው፤ ፕሮፋይል ይባላል። እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱ የሞዶች ምርጫ አለው፤ ማስተካከያውን ካበሩለት የራሱ ሴቮችም ይኖሩታል። የያዙትን ጨዋታ በአንዱ ፕሮፋይል እንዳለ ትተው አዲስ ሞድ መሞከሪያ ሌላ ፕሮፋይል ይክፈቱ። ሁለተኛውን ሞድ እዚያ ይጫኑ፤ የሚፈልጋቸውን ነገሮች አስቀድመው ያንብቡ፤ ጌሙን ያስነሱ፤ ለሙከራ አዲስ ገጸ ባሕርይ ጀምረው ጥቂት ይጫወቱ፤ ሴቭ ይያዙ፤ ወጥተው ይመለሱና ያንኑ ሴቭ ይክፈቱ። ያለ ችግር ከተከፈተ ሞዱ ወደ ዋናው ጨዋታዎ መግባት ይችላል። ሦስተኛው ሞድ ተራው ከዚያ በኋላ ነው።